«ሙሉ ሸዋ» የማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ «እኔና ጓደኛዬ ሸዋንግዛው አብሮ አደጎች ነን። በ2009 ዓ.ም. ግማሽ ግማሽ አዋጥተን ዶልፊን ሚኒባስ ገዛን። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ትሠራለች። ከእኔ ስም "ሙሉ"ን፣ ከእሱ ስም "ሸዋ"ን ወስደን ጎኗ ላይ "ሙሉ ሸዋ" ብለን አስጻፍን። ያኔ እኔ መምህር ስለነበርኩ ለመሯሯጥ ጊዜ አልነበረኝም። ስለዚህ ሊብሬውም ንግድ ፈቃዱም በእሱ ስም ወጣ። የተጻፈ ውል የለንም። አሁን ልጁ ሌላ ሚኒባስ ሊገዛ ነው። ሸዋንግዛው "ሙሉ ሸዋ"ን በራሱ ስም አስመዝግቦ ልጁም መኪና ላይ ሊጽፈው ነው። ሻይ ቤት ተቀምጠን ሰው ሁሉ እስኪሰማን ተጨቃጨቅን። ስሙ የማን ነው? ላስቆመው እችላለሁ? ሙሉጌታ፣ ከደብረ ብርሃን»

መልስ፦ ጋሽ ሙሉጌታ፣ መብት አለዎት። ግን መብትዎ እርስዎ የፈለጉት ቦታ ላይ አይደለም። በቀለም የተጻፈው ስም ማንም ስላላስመዘገበው ዛሬ ለብቻው የእርስዎም የአቶ ሸዋንግዛውም ነው ማለት አይቻልም። የእርስዎ መብት ያለው ስሙ በታወቀበት ሥራ ላይ ነው። እሱን ደግሞ በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅብዎታል።

ደብዳቤዎ ላይ ያላገኘኋቸው ነገሮች ስለነበሩ ደወልኩልዎት። አቶ ሸዋንግዛውም አጠገብዎ ነበሩ፤ እዚያው ሻይ ቤት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ ሁለታችሁም አነጋገራችሁኝ። ሌላውም አንባቢ እንዲማርበት፣ በፈቃዳችሁ፣ የተባባላችሁትን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ገንዘቡን ነው። መኪናዋ ስትገዛ ማን ስንት አወጣ?

«300,000 እሱ፣ 300,000 እኔ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው ሳያመነቱ። «ይሄንን መቼ ካድኩ?»

«ታዲያ ስሙን ለብቻህ ልታስመዘግብ የተነሳኸው ለምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«ፈቃዱ በእኔ ስም ስለሆነ ነዋ! ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው እኔን ነው። ግብር የምከፍለው እኔ፣ መናኸሪያ ስምሪት ስጠብቅ የምውለው እኔ፣ ትራፊክ ሲከስ የምሮጠው እኔ። አንተ ቅዳሜ መጥተህ ድርሻህን ትቀበላለህ።»

«ሞተር ሲወርድስ? ከቁጠባ ማኅበር ተበድሬ ማን አሠራው?»

«አንተ ነህ። አልካድኩም አልኩህ እኮ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ሙሉ ብለህ የጻፍከው እኔ ያለሁበት ሥራ ላይ ነው። ልጅህ መኪና ውስጥ እኔ የለሁበትም። ነገ ያቺ መኪና የአንኮበር ቁልቁለት ላይ ሰው ብትጎዳ የሚነሳው የእኔ ስም ነው።»

«ሙሉጌታ፣ ተሳፋሪው ሙሉ ሸዋን የሚያነበው ያገሩ ስም ነው ብሎ ነው። ሙሉጌታ የሚባል ሰው መኖሩን ማን ያውቃል?»

እዚህ ላይ ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታውን የሰበረችው ባለሻይዋ ናት። «ኧረ ጋሼ፣ በፈጠራችሁ! ስንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ማታ እዚችው ጠረጴዛ ላይ ብሩን እኩል ስትካፈሉ አይቻለሁ። ዛሬ ምን መጣባችሁ?»

ስልኩ ላይ ከሰማሁት ሁሉ ለጉዳዩ ትልቁ ይህ የባለሻይዋ ቃል ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ሁለት ሰዎች ገንዘብና ድካም አዋጥተው ትርፍና ኪሳራ ሲካፈሉ ሕጉ ይህንን ማኅበር ይለዋል። ብዙዎቹ የማኅበር ዓይነቶች በጽሑፍ ካልተቋቋሙና ካልተመዘገቡ አይጸኑም። አንዱ ግን ከዚህ ነፃ ነው። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የእሽሙር ማኅበር ይባላል። የእሽሙር ማኅበር ሳይጻፍም ሳይመዘገብም ይቋቋማል። አንዱ ሰው በራሱ ስም ለውጭው ዓለም ይታያል፤ ውሉን ይዋዋላል፣ ፈቃዱን ያወጣል፣ ግብሩን ይከፍላል። ሌላው ከኋላ ሆኖ ያዋጣል፣ ይካፈላል። የእናንተ አሠራር ልክ ይኸው ነው። አቶ ሸዋንግዛው ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ ደግሞ የማይታዩ ሸሪክ።

የዚህ ማኅበር ባሕርይ ለጥያቄዎ ወሳኝ ነው። የእሽሙር ማኅበር የሕግ ሰውነት የለውም። ሰውነት ስለሌለው በራሱ ንብረት አይይዝም፣ በራሱ አይከስም፣ የራሱ የማኅበር ስምም የለውም። ስለዚህ «ስሙ የማኅበራችን ነው» የሚለው ክርክርዎ፣ ስሜቱ ትክክል ቢሆንም፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢቀርብ ሰሚ አያገኝም። መዝገቡ ላይ ማኅበር የለም። ያለው አንድ ነጋዴ ነው፤ አቶ ሸዋንግዛው።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ነገ ጠዋት ሄደው «ሙሉ ሸዋ»ን በንግድ ስምነት ላስመዝግብ ቢሉ፣ መዝጋቢው የሚያጣራው ተመሳሳይ ወይም የሚያሳስት ስም ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ነው። «ሙሉ ያለው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ስሙ ከተመዘገበ በኋላ እርስዎ ሌላ መኪና ገዝተው «ሙሉ ሸዋ» ብለው ቢጽፉ ተከሳሽ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት።

ከሻይ ቤቱ ጭቅጭቅ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ስም ይመስላችኋል። በሕጉ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የንግድ ስም ማለት ነጋዴው ሥራውን የሚያካሂድበት፣ በንግድ መዝገብ የሚገባ ስም ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ የአንዱን አገልግሎት ከሌላው የሚለይ ምልክት ነው። እሱ የሚመዘገበው በወረዳችሁ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። መኪና ላይ ቀለም መቀባት ከሁለቱ አንዱንም አያስገኝም። «ለዓመታት ስንጠቀምበት ኖረናል» ማለትም ለብቻው የንግድ ምልክት ባለቤት አያደርግም፤ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው።

ስለ ንግድ ምልክቱ ሌላም እክል አለ። አቶ ሸዋንግዛው ተሳፋሪው ያገሩ ስም ይመስለዋል ያሉት፣ ልብ ቢሰብርም፣ ሕጋዊ ክብደት አለው። አገልግሎቱ የሚሰጥበትን ቦታ ብቻ የሚያመለክቱ ቃላት ለምዝገባ አስቸጋሪ ናቸው። ሸዋ ውስጥ የምትሠራ መኪና «ሙሉ ሸዋ» ስትባል መርማሪው ይህንን ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አስቡበት። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ጋሽ ሙሉጌታ፣ «ስሜን ያለ ፈቃዴ ተጠቀመ» በሚል ብቻ እንዳይከሱ እመክርዎታለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው በስሙ አላግባብ ሲጠቀሙበት እንዲቃወም ይፈቅዳል። «ሙሉ» ግን ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ቃል ነው። ያለ ፈቃድዎ የተወሰደ የእርስዎ ስም ነው ብሎ ማሳመን ይከብዳል፤ ያውም በፈቃድዎ ከተጻፈ በኋላ።

ታዲያ መብትዎ የት ነው? ስሙ ዋጋ ያገኘው በሥራው ነው። አንኮበር ያለው ነጋዴ ዕቃውን «ለሙሉ ሸዋ ስጡልኝ» የሚለው ቀለሙን ወዶ አይደለም። ዕቃው ሳይጎድል ስለሚደርስለት ነው። ሕጉ ይህንን መልካም ዝና ይለዋል፤ የንግድ መደብር ዋናው አካል እሱ ነው፣ የንግድ ስሙም ከዚያው ጋር ይሄዳል። ይህ ዝና የተገነባው በሁለታችሁ ገንዘብና ድካም ከሆነ፣ አንዱ ለብቻው ወስዶ ለሦስተኛ ሰው፣ ልጅም ይሁን፣ ሊሰጠው አይችልም። ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሸሪክ የጋራውን ጥቅም ለራሱ ማዋል አይፈቀድለትም። ቢያደርገው ሒሳብ እንዲያቀርብና ድርሻዎን እንዲከፍል መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው። «ሙሉ ማለት እኔ ነኝ» ከሚለው እጅግ ይሻላል።

ማስረጃው እንግዲህ እዚህ ላይ ይፈለጋል። ገንዘቡን ወደ አቶ ሸዋንግዛው ሒሳብ ያስገቡበት የባንክ ደረሰኝ እጅዎ ላይ እንዳለ ነግረውኛል። ቅጂ አውጥተው ዋናውን በደንብ ያስቀምጡት፤ ከጠፋም ባንኩ የሒሳብ መግለጫ ይሰጥዎታል። ሞተሩ ሲሠራ የተበደሩበት ሰነድ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው የሳምንቱን ገቢ የምትጽፉበት ደብተር ነው። የሁለታችሁም የእጅ ጽሑፍ አለበት ብለውኛልና ገጾቹን ዛሬውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሷቸው። ከዚያ ምስክር። ሾፌሩና ረዳቱ ደመወዝ የሚከፍላቸው ሰው ስለሆነ ወደ አቶ ሸዋንግዛው ሊያዘነብሉ ይችላሉ። ባለሻይዋ ግን ከማንኛችሁም የምትፈልገው ነገር የለም። በየሳምንቱ እኩል መካፈላችሁን በዓይኗ አይታለች። እኩል ክፍያ ለዓመታት መቀጠሉ ብድር ወይም ስጦታ ሳይሆን ሽርክና መሆኑን ያሳያል። ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ምስክር ይወደዋል።

ማወቅ ያለብዎት ድክመትም አለ። ሊብሬው በአቶ ሸዋንግዛው ስም መሆኑ ባለቤቱ እሳቸው ናቸው የሚል ግምት ይፈጥራል። ግምቱ በማስረጃ ይፈርሳል። እስኪፈርስ ድረስ ግን መኪናዋን ለማያውቅ ሰው ሸጠው ስሙ ቢዛወር፣ እርስዎ መኪናዋን ከገዢው ማስመለስ ይቸገራሉ። የሚቀርዎት አቶ ሸዋንግዛውን በገንዘብ መጠየቅ ነው። የሽርክና ክርክሩ ባይሳካልዎት እንኳ ሁለተኛ በር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ሰዎች አንድ ዕቃ በጋራ ሲገዙ የጋራ ባለሀብቶች ናቸው፤ ሌላ ስምምነት ካልታየ ድርሻቸው እኩል እንደሆነ ይገመታል። በዚህ በር የመኪናዋን ግማሽ ያገኛሉ። ስሙን ግን አያገኙም። በሁለቱ ክርክሮች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ስለዚህ ሽርክናውን በዋናነት፣ የጋራ ባለሀብትነቱን በአማራጭ ማቅረብ ይገባል።

የአደጋው ስጋትዎ እንዳያስጨንቅዎት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፤ ባያጠፋም እንኳ። የልጁ መኪና ባለቤት ልጁ ነው። ጎኑ ላይ «ሙሉ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ እርስዎ ካሣ አይከፍሉም። የጋራዋ መኪና ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግማሹ የእኔ ነው ብለው በፍርድ ካስወሰኑ፣ ኃላፊነቱም ከዚያ ጋር ይመጣል። የማይታየው ሸሪክ ለውጭ ሰው ከታወቀ በኋላ፣ ከማኅበሩ ጋር ለሚገናኙት ሰዎች እንደ ግልጽ ሸሪክ ተቆጥሮ ለዕዳው ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ኢንሹራንሱን ሁለታችሁም ተመልከቱት። ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ የመኪናዋን ጉዳት አይሸፍንም።

አሁን ወደሚሻለው መንገድ ልምጣ። ስልኩ ላይ የሰማኋቸው ሁለት ሰዎች የሚካካዱ አይደሉም። አቶ ሸዋንግዛው ግማሽ ግማሽ መሆኑን በምስክር ፊት ተናግረዋል። ልጃቸው ከታወቀ ስም ተጠቅሞ እንዲነሳ መፈለጋቸውም ነውር የለውም። እርስዎም ገንዘብ አልጠየቁም። ይህ ጉዳይ ክስ ከመሆኑ በፊት በጽሑፍ ሊያልቅ ይችላል፤ ለማለቁም ከዛሬ የተሻለ ጊዜ የለም።

ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ ተቀመጡ። የተስማማችሁበትን ጻፉት፤ ሁለታችሁም፣ ሁለት ምስክሮችም ፈርሙበት። ሚስቶቻችሁም ይፈርሙ፤ መኪናዋ በትዳር ውስጥ የተገዛች ስለሆነች የእነሱም ድርሻ አለባት። ከዚያ ሰነድ የሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አጽድቁት። ክርክርን ለማቆም በዚህ መልክ የተደረገ የግልግል ስምምነት በሁለታችሁ መካከል እንደ ፍርድ ያህል ያስራል።

ስለ ስሙ የሚጻፈውን አንቀጽ እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል። «"ሙሉ ሸዋ" የሚለው ስም በ2009 ዓ.ም. በጋራ የተገዛችው ሚኒባስ የምታካሂደው ሥራ ስም ነው። ሁለቱ ተዋዋዮች እኩል መብት አላቸው። አንዱ ያለ ሌላው የጽሑፍ ፈቃድ ስሙን በራሱ ስም አያስመዘግብም፣ በሌላ መኪና ላይ አይጽፍም፣ አያከራይም፣ አይሸጥም። የሁለተኛው ተሽከርካሪ ባለቤት ስሙን ለመጠቀም በየወሩ ____ ብር ለጋራው ሥራ ይከፍላል። አንዱ ወገን ከሥራው ሲወጣ ስሙ መኪናዋን ለሚያስቀረው ይሆናል፤ የሚወጣው የስሙን ግማሽ ዋጋ ይቀበላል። ከተዋዋዮቹ አንዱ ሲሞት መብቱ ለወራሾቹ ይተላለፋል።»

ባዶው ቦታ ላይ ምን ይጻፍ? ሕጉ የስም ዋጋ ማስሊያ ቀመር አላስቀመጠም። እኔ የምመክረው በአንኮበር መስመር ካለች ሌላ ዶልፊን ጋር ማነፃፀር ነው። ተሳፋሪው ስምሪት በወጣለት መኪና ስለሚሄድ፣ መናኸሪያ ውስጥ ስም ብዙ ለውጥ አያመጣም። ስማችሁ ገንዘብ የሚያመጣው በሚላከው ዕቃ ነው። ለምሳሌ ሌላዋ መኪና በሳምንት 1,500 ብር የዕቃ ገቢ ካላት፣ የእናንተ ደግሞ 3,500 ብር ከሆነ፣ ልዩነቱ 2,000 ብር ነው። የስሙ ዋጋ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። በዓመት ከ100,000 ብር ትንሽ ያልፋል። ልጁ ስሙን ሲጽፍ ይህን ያህል የተሻለ ይሠራል ብላችሁ ካመናችሁ፣ ከዚያ ላይ የተወሰነውን ለጋራው ሥራ ቢከፍል ማንም አይጎዳም። አሃዙን ከደብተራችሁ ላይ ፈልጉት፤ በግምት አትጻፉ።

ከዚህ በላይ መሄድ ከፈለጋችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ። መኪናዋ በማኅበሩ ስም ትዛወራለች፣ ፈቃዱም በማኅበሩ ስም ይወጣል፣ ስሙም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ባለቤት ያገኛል። ልጁም መኪናውን ይዞ አባል ሊሆን ይችላል። ወጪው ብዙ ነው፤ ሒሳብ መያዙም ይከብዳል። ለአንድ መኪና ይበዛል እላለሁ። ሁለተኛዋ ከመጣች ግን አስቡበት።

ሽማግሌ እስኪቀመጥ አቶ ሸዋንግዛው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢሄዱስ? መጀመሪያ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አጭር የጽሑፍ መቃወሚያ ያስገቡ። ስሙ ላይ ክርክር እንዳለ ይግለጹ፤ የባንክ ደረሰኙን ቅጂ ያያይዙ፤ ያስገቡበትን ማስረጃ በማኅተም ይቀበሉ። ጽሕፈት ቤቱ ክርክሩን አይወስንም፤ ነገር ግን በኋላ «አላወቅኩም» ማለት አይቻልም። የንግድ ምልክት ማመልከቻ አስገብተው ከሆነ ደግሞ ለተቃዋሚ ማስታወቂያ ይወጣል። ማስታወቂያው ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ መቃወም ይችላሉ።

መኪናዋን ሊሸጡ ነው የሚል ምልክት ካዩ ግን መቃወሚያ አይበቃም። ክስ ከፍተው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የእግድ ትእዛዝ ይጠይቁ። ማመልከቻው ላይ የታርጋውን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይጻፉ። እግዱ ለአቶ ሸዋንግዛው ብቻ ሳይሆን ሊብሬውን ለሚያዛውረው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ አድርገው ይጠይቁ። ለተከራካሪው ብቻ የተሰጠ እግድ ስም ማዛወሩን አያቆምም።